ከምድጃ የወረደ ምግብ ስንት ሰዓት ይቆያል? የሩዝና የወጥ ጥያቄዎቻችሁ

«ጠዋት የቀቀልኩት ሩዝ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቆየ። አይሸትም። በደንብ ብጠብሰው ምን አለበት?»

ይጣሉት። ሩዝ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ ከማሳው ይመጣል። ይህ ባክቴሪያ ኑሮ ሲከብደው ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ስፖር የሚሉት ይህንን ነው። ቅቅል ስፖሩን አይገድለውም። ሩዙ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ስፖሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ የሚያስመልስ መርዝም ያመነጫል። ትልቁ ችግር መርዙ ነው፦ በ121 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ እንኳ አይጠፋም። መጥበሻዎ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ መርዙን ግን ከነሩዙ ያቀርብልዎታል።

አደገኛው ክልል ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ነው። የበሰለ ምግብ እዚያ ውስጥ በድምሩ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። «በድምሩ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ምሳ ላይ አንድ ሰዓት፣ እራት ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ውጭ ከቆየ ሁለቱ ተደምረው ጊዜው አልቋል፤ በመሃል ፍሪጅ መግባቱ ቆጠራውን አይሰርዘውም። ሩዝን ግን ሁለቱን ሰዓት ሙሉ ባይጠብቁት ይሻላል፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዘው ፍሪጅ ያስገቡት፣ በማግስቱ ይጨርሱት።

«ትኩስ ምግብ ፍሪጅ ያበላሻል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

አንድ ሳህን አያበላሽም። ትልቅ ድስት ግን አጠገቡ ያለውን ወተት ያሞቃል፤ ከፋፍለው ያስገቡት።

«ለእንግዳ 8 ሊትር ያህል ወጥ ሠርቼ ማታ በ3 ሰዓት አወረድኩ። ከድኜ አሳደርኩትና ጠዋት አንተከተክኩት። ከፈላ በኋላ ምን ይቀረዋል?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱም አልተለወጠም። ወጥ ውስጥ የሚያሰጋው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ነው። እሱም ስፖር አለው፣ አየር ግን አይወድም። ወጡ ሲፈላ አየሩ ይወጣል፤ ወፍራምና ጥልቅ ድስት መሃል ላይ የሚፈልገውን ቤት ያገኛል። በጣም የሚፈጥነው ከ43 እስከ 47 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ እዚያ በ10 ደቂቃ ገደማ እጥፍ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት አንዱ በ3 ሰዓት ከ260 ሺህ በላይ ይሆናል። የተከደነ 8 ሊትር ደግሞ መሃሉ ቶሎ አይበርድም፤ ሌሊቱን ለብ እንዳለ ሊቆይ ይችላል።

ጠዋት ሲያንተከትኩት ዳሩ ሲፈላ መሃሉ ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ያልሞተው ሆድዎ ውስጥ ገብቶ መርዙን ያመነጫል። በቅምሻ ጭልፋ ከእጅ የገባ ሌላ ባክቴሪያ ሌሊቱን መርዝ ካመነጨ ደግሞ እሱንም እሳት አያጠፋውም። ስለዚህ ይደፋ፤ ስምንት ሊትር መድፋት እንደሚያም አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ወጡን ከ60 ወደ 21 ዲግሪ በ2 ሰዓት፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በሌላ 4 ሰዓት ማውረድ አለብዎት። እንዳወረዱት ከ5 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ዝርግ ዕቃዎች ላይ ያካፍሉት። ዝርግ ዕቃ ካነሰ ድስቱን ወጡ እስከደረሰበት ከፍታ ድረስ በረዶ ያለበት ውሃ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት፣ በየጥቂት ደቂቃው ያማስሉት፣ ውሃው ሲሞቅ ይቀይሩት። ፍሪጅ ውስጥ ዕቃዎቹን አይደራርቡ፤ እስኪቀዘቅዙ ክዳናቸውን ገርበብ ያድርጉት። ቴርሞሜትር ካለዎት መሃሉን ይለኩ፣ ዳሩ ያታልላል። ሲበሉ የሚበቃዎትን ብቻ አውጥተው፣ እያማሰሉ መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ያሙቁት። ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ይለቅ።

«የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያዬ ሙቀት ይጠብቃል፤ እምነት ይጣልበታል?»

መሃሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሆነ አዎ። ከሶኬት ነቅለው ከነክዳኑ ከተዉት ግን ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል።

«ቀምሼ ካልኮመጠጠ እበላዋለሁ።»

መርዙ ጣዕም የለውም።

«ባለፈው ሳምንት ያደረ ወጥ በላሁ፤ ምንም አልሆንኩም። ሐኪም ልይ?»

ከወጡ የሚመጣው ቁርጠትና ተቅማጥ በ6 እና በ24 ሰዓት መካከል ይጀምራል፤ ጊዜው አልፏል። ሌላ የሚያስጨንቅዎት ነገር ካለ ሐኪም ያማክሩ።

«የ3 ዓመት ልጄ የቆየ ሩዝ በላና ከሁለት ሰዓት በኋላ ደጋግሞ ያስመልሰው ጀመር።»

ጊዜው ከሩዙ መርዝ ጋር ይገጥማል፤ ማስመለሱ ከበሉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አዋቂ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልፋል። ለትንሽ ልጅ ግን ይህንን አምድ ትተው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደነዘዘ ወይም ትውከቱ ደም ካለበት አንድ ደቂቃ አይጠብቁ። በመንገድ ላይ የተበጠበጠ ኦአርኤስ በሻይ ማንኪያ ጥቂት በጥቂት ይስጡት፤ ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት በራስዎ አይስጡት። ለሐኪሙ ሩዙ መቼ እንደተቀቀለ፣ ውጭ ስንት ሰዓት እንደቆየና ልጁ መቼ እንደበላው ይንገሩ።