«ምዕራፍ» ወይስ «ደረጃ»? የካንሰር መድኃኒቶች አጠራር

ጥያቄ፦ «ለሊምፎማ ታካሚዎች የሚታደል ማብራሪያ እያዘጋጀሁ ነው። "ቪንክሪስቲን የሴል ዑደት ምዕራፍ-ተኮር መድኃኒት ነው" ብዬ ብጽፍ፣ ባልደረባዬ "ምዕራፍ የመጽሐፍ ነው፣ ደረጃ በል" አለኝ። የትኛው ይሻላል?»

መልስ፦ «ደረጃ» አይሆንም። ቃሉ ክፉ ሆኖ ሳይሆን በካንሰር ሕክምና ውስጥ ቦታው ስለተያዘ ነው። ሐኪሙ «በሽታዎ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው» ሲል የሚናገረው ካንሰሩ በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደተሰራጨ ነው። ስለዚህ «ደረጃ-ተኮር መድኃኒት» የሚለውን የሚያነብ ታካሚ መድኃኒቱ ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ደረጃ በሽታ ብቻ የሚታዘዝ ቢመስለው አይፈረድበትም። ደግሞም ደረጃ የሚወጡትና የሚወርዱት ነገር ነው፤ ሴል ግን አይወጣም፣ ዞሮ ከተነሣበት ይደርሳል እንጂ። «ዑደት» የተባለውም ለዚሁ ነው። ሥሩ የግእዙ «ዖደ» (ዞረ) ሲሆን ዐውደ ዓመትም ዐውድማም የዚያው ቤተሰብ ናቸው፤ ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር የምንለውም ዑደት ነው።

«ምዕራፍ» ከ«ዐረፈ» የወጣ ስም ነው፤ ማረፊያ ስፍራ ማለት ነው። የመጽሐፍ ምዕራፍም አንባቢው ትንፋሽ የሚሰበስብበት በመሆኑ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ለሴል ሲውል ቃሉ ትንሽ ይዋሻል። በጂ-1 ሴሉ ያድጋል፣ በኤስ ዲኤንኤውን ይቀዳል፣ በጂ-2 የቀዳውን አጣርቶ ለመከፈል ይሰናዳል፣ በኤም ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱም አያርፍም። የሚያርፈው ከዑደቱ ወጥቶ ጂ-ዜሮ በሚባለው ሁኔታ ሲቆይ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእነዚህ መድኃኒቶች ዋነኛው መሸሸጊያ ነው። ይህን እያወቅሁም «ምዕራፍ»ን እመርጣለሁ፤ ከሌላ የሕክምና ቃል ጋር ስለማይጋጭ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ «-ተኮር» የሚለው ቅጥያ ነው። ያተኮረ ሰው ዒላማውን መርጦ የሚያይ ነውና፣ «ምዕራፍ-ተኮር» ሲባል መድኃኒቱ የካንሰሩን ሴል ከጤነኛው ለይቶ የሚመታ ይመስላል። ቪንክሪስቲን እንዲህ አያደርግም። ሴሉ በኤም ምዕራፍ ክሮሞዞሞቹን ወደ ሁለት ጎን የሚጎትትባቸውን ጥቃቅን ክሮች እንዳይሠሩ ያደርጋል፤ በዚያች ሰዓት ላይ የተገኘ ሴል ካንሰርም ይሁን የፀጉር ሥር እዚያው ተይዞ ይሞታል፣ በሌላ ምዕራፍ ያለው ግን ያልፈዋል። መድኃኒቱ ተራውን ይጠብቃል እንጂ አይመርጥም። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ «ምዕራፍ ጠባቂ መድኃኒት» እላለሁ።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አሰጣጡም ከዚሁ ይመነጫል። ሳይታራቢን በኤስ ምዕራፍ ያሉ ሴሎችን ብቻ ስለሚይዝ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢሰጥ በዚያ ሰዓት ዲኤንኤ የማይቀዳውን ሴል አያገኘውም። ለአጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ በተለመደው አሰጣጥ ለ7 ቀናት ያለማቋረጥ በደም ሥር የሚንጠባጠበው፣ እያንዳንዱ ሴል ወደ ኤስ ሲገባ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲቆየው ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ ግን ሴሉ በየትኛውም ምዕራፍ ቢሆን ከዲኤንኤው ጋር ይጣበቃል፤ በእሱ ዘንድ ከጊዜው ይልቅ መጠኑ ይበልጣልና በአንድ ቀን ይሰጣል።

አሁን ወደ ማብራሪያዎ እንምጣ። ለሊምፎማ በሚሰጠው ቾፕ በተባለው ቅንብር ሁለቱም ወገን አሉበት። የሰውነቱ ገጽ 1.7 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ በካሬ ሜትር 750፣ በድምሩ 1275 ሚሊግራም፣ ዶክሶሩቢሲን ደግሞ በካሬ ሜትር 50፣ በድምሩ 85 ሚሊግራም ይወስዳል። እነዚህ ሁለቱ ምዕራፍ አይጠብቁም። ቪንክሪስቲን በካሬ ሜትር 1.4 ስለሆነ ስሌቱ 2.38 ይወጣል፤ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። ከዚያ የሚያልፈው ነርቭ ስለሚጎዳ ነው። ፕሬድኒሶን ለ5 ቀናት ይዋጣል፤ ሁሉም በየ21 ቀኑ ይደገማል።

የምድቡን ስም ያወቀ የጎንዮሽ ጉዳቱን ያውቃል የሚሉ አሉ። እውነትነቱ ግማሽ ነው። እንደ ሳይታራቢን ያሉት የኤስ ምዕራፍ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን መቅኒና የአፍና የአንጀት ሽፋን ስለሚያጠቁ፣ የነጭ የደም ሴል መቀነስና የአፍ መቁሰል ይጠበቃል። ቪንክሪስቲን ግን የኤም ምዕራፍ መድኃኒት ሆኖ መቅኒን ብዙም አይነካም፤ ዋነኛ ጉዳቱ ጭራሽ በማይከፈለው በነርቭ ላይ ነው። ምክንያቱም እነዚያው ክሮች በነርቭ ሴል ውስጥ ምግብና መልእክት የሚመላለስባቸው መንገዶች ናቸው። መድኃኒቱ ሲያፈርሳቸው ረጅሙ ነርቭ መጀመሪያ ይጎዳል፦ የእግርና የእጅ ጣቶች ጫፍ ይደነዝዛል፣ ሐኪሙ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲመታ እግር ምላሽ መስጠቱን ይተዋል፣ በኋላ ታካሚው ቁልፍ መቆለፍ ይቸግረዋል፤ የአንጀት ነርቭም ስለሚደክም ሆድ ይደርቃል። ወንድሙ ቪንብላስቲን ደግሞ በዚያው ምዕራፍ እየሠራ በዋናነት መቅኒን ይጎዳል። ስለዚህ ምዕራፉ ካንሰሩ እንዴት እንደሚሞት ይነግረናል፤ ታካሚው ምን እንደሚጎዳው ሁልጊዜ አይነግረንም።

ምዕራፍ በማይጠብቁት ዘንድም ነገሩ ያው ነው። የነጭ የደም ሴል መቀነሱ በቾፕ ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ይበረታል፤ በዚያ ወቅት ትኩሳት 38 ከደረሰ ማደር የለም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። የሳይክሎፎስፋማይድ የራሱ ምልክት ግን ዝቃጩ አክሮሊን ፊኛን ማቁሰሉ ነው፤ የዶክሶሩቢሲን ደግሞ ልብን ማድከሙ ነው፤ እሱም የሚወሰነው በየጊዜው በተጠራቀመው መጠን ነው። ስድስት ጊዜ የወሰደ ሰው በካሬ ሜትር 300 ሚሊግራም ይደርሳል፤ የተለመደው ወሰን 450 እስከ 550 ነው። በማብራሪያዎ ላይ አንድ ነገር ቢያክሉ እመክራለሁ፦ መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሽንት ቀላ ካለ የዶክሶሩቢሲን ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ከቀላ፣ ወይም ሲሸኑ ካቃጠለ ወይም የረጋ ደም ከታየበት፣ ፊኛው ደምቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

«ዑደት»ም ሌላ ወጥመድ አለበት። ሐኪሞች የ21 ቀኑንም «ዑደት» ስለሚሉት፣ «ሁለተኛ ዑደት» የሚያነብ ሰው ስለ ሴሉ ይሁን ስለ ቀጠሮው አይለይም። ታካሚው ራሱ «ሦስተኛ ዙር ኪሞ ወሰድኩ» እያለ ችግሩን ፈትቶልናል፤ እርስዎም ለሕክምናው «ዙር»፣ ለሴሉ ብቻ «ዑደት» ይበሉ።

«-ተኮር»ን በተመለከተ፣ «ምዕራፍ ጠባቂ» እያልኩ ለብቻዬ መቅረቴን አውቃለሁ። ቅጥያው ከጋዜጣ እስከ መማሪያ መጽሐፍ ገብቷል፤ «ምዕራፍ-ተኮር» የሚለውን ከአሁን በኋላ ማንም አያስወጣውም። እንግዲያው ይጻፉት፤ ብቻ ከጎኑ «በኤም ምዕራፍ ላይ የተገኘን ማንኛውንም ሴል፣ ጤነኛውንም ጭምር፣ የሚገድል» የሚል ሐረግ ያክሉበት።