ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ስለ ብር አውሩ

ልጆቼ፣ 26 ዓመት በባንክ ብድር ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጠረጴዛዬ ፊት ብዙ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ያገቡ ሰዎች የቤት ብድር ሲጠይቁ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ስለዚህ ጎን ለጎን ሆነው ነው የማያቸው። ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት ደግሞ ሰውየው ሌላ ባንክ ዕዳ እንዳለበት በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ሥርዓት ይጣራል።

አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ይዤ ባልየውን "ይሄኛው ብድር ስንት ቀረው?" አልኩት። እኔ የጠየቅኩት ለሥራዬ ነው። ሚስትየው ግን እኔን ትታ ወደ እሱ ዞረች። "የምን ብድር?"

ከተጋቡ 3 ዓመታቸው ነበር። ብሩን የተበደረው ለሠርጋቸው ነው፣ ለአዳራሹና ለእሷው ቬሎ። እሱ በየወሩ ከደሞዙ እየተቆረጠበት ዝም ብሎ ሲከፍል ኖሯል። አልጮኸችም። "ሦስት ዓመት ሙሉ ደሞዝህ የት ይገባል እያልኩ ስጨቀጭቅህ ዝም አልከኝ?" ብቻ አለችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። የሠርጉ ዕዳ ከልካይ አልነበረም፣ የቤቱ ብድር ሊፈቀድላቸው ይችል ነበር። ግን ሳይመለሱ ቀሩ።

ለዚህ ነው ስለ ብር ቀድማችሁ አውሩ የምለው። "ቀድማችሁ" ስል ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ማለቴ ነው። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ነገሩ የሁለታችሁ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ቀን ይቆረጣል፣ አዳራሽ ይያዛል፣ አክስት ከክፍለ ሀገር ትመጣለች፣ በዚያ መሀል "እኔ እኮ ዕዳ አለብኝ" የሚል ሰው አላየሁም። በሁለተኛው ቀጠሮ ላይ "ደሞዝሽ ስንት ነው?" ማለት ደግሞ ጅልነት ነው፣ እሱን አላልኩም። መጋባታችሁን በልባችሁ ከቆረጣችሁ በኋላ፣ ለቤተሰብ ከመናገራችሁ በፊት ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው ጊዜው።

ታዲያ ምን ይወራል? ብዙ ሰው ስለ ብር ማውራት ደሞዝ መነጋገር ይመስለዋል። ደሞዝ ቀላሉ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። የሚደበቀው ደሞዙ እጅ ሳይገባ የሚወጣው ነው። በእኛ አገር እሱ ሦስት ቦታ ይሸሸጋል፦ ለቤተሰብ የሚላከው፣ እቁቡ፣ እና ዋስትናው።

ለቤተሰብ በሚላከው ጀምሩ። ከሦስቱ የማያሳፍረው እሱ ነው፣ እንዲያውም የሚያኮራ ነገር ነው። ግን "አልፎ አልፎ እናቴን አግዛለሁ" አይበቃም። አልፎ አልፎ ማለት ስንት ነው? በየወሩ ነው ወይስ ለበዓል? የታናሽ እህት ትምህርት ከሆነ ስንት ዓመት ቀራት? ከእናንተ ሌላ የሚረዳ ወንድም አለ? ወላጅ ቢታመም የሚደወለው ለማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። በየቤቱ አንድ የሚደወልለት ልጅ አለ፣ እሱን የሚያገባ ሰው ስልኩንም አብሮ ያገባል።

እቁብ ላይ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር ነው። "እቁብ አለኝ" ሲባል ቁጠባ ይመስላል። ገና ካልደረሳችሁ አዎ ቁጠባ ነው። ከደረሳችሁና ብሩን ካወጣችሁት ግን የቀረው መዋጮ በሙሉ ዕዳ ነው፣ ያውም ዋስ የጠራችሁበት ዕዳ። ስለዚህ "እቁብ አለሽ?" ብሎ ማቆም ዋጋ የለውም። "ደርሶሻል? ስንት ወር ቀረሽ?" ነው ጥያቄው።

ዋስትናውን ሰው ጭራሽ ይረሳዋል። ጓደኛችሁ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ከመሥሪያ ቤታችሁ የዋስትና ደብዳቤ አጽፋችሁለታል። ወይም አጎታችሁ ሲበደር ፈርማችኋል። ምንም ብር ከኪሳችሁ ስላልወጣ ዕዳ አይመስላችሁም። ያ ሰው ያጎደለ ቀን ግን የሚጠየቀው ደሞዛችሁ ነው። የማን ዋስ እንደሆናችሁ፣ በስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ጭምር ተነጋገሩ።

አሁን አንድ ጥንድ ላሳያችሁ። ዘመዶቼ ስለሆኑ ስማቸውን እተወዋለሁ፣ ቁጥሩንም ለሒሳብ እንዲመች አስተካክዬዋለሁ። እሱ እጁ ላይ 24,000 ብር ይደርሰዋል፣ እሷ 16,000። ድምሩ 40,000። በዚህ ቁጥር ተነሥተው 14,000 ብር የሚከራይ ቤት አይተዋል፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለቤት ወጪ 10,000 መድበዋል፣ የቀረውን 16,000 "እንቆጥበዋለን" ብለዋል። ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት።

ወረቀት ሰጠኋቸውና እጃችሁ ሳይገባ የሚወጣውን ጻፉ አልኳቸው። እሱ ለወላጆቹ 5,000 ይልካል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ለተበደረው 3,000 ይከፍላል። እሷ ለእናቷ 2,000 ትሰጣለች፣ 4,000 ደግሞ እቁብ ትጥላለች። የ12 ሰው እቁብ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ደርሷት 48,000 ብሩን ለአባቷ ሕክምና አውጥታዋለች። አምስት ጊዜ ጥላለች፣ ሰባት ይቀራታል፣ ይኸውም 28,000 ብር ነው። እሱ እቁቡን ያውቃል፣ መድረሱን አያውቅም። እንዲያውም ለሠርጉ ይደርስልናል ብሎ ሲጠብቅ ነበር!

እንግዲህ ከ40,000ው ላይ 14,000 አስቀድሞ ወጣ። የቀረው 26,000 ነው። ኪራይና የቤት ወጪው 24,000። እንቆጥበዋለን ያሉት 16,000 ወደ 2,000 ወረደ ማለት ነው።

ሌላም ችግር መጣ። ልጁ ፍትሐዊ ልሁን ብሎ "ወጪውን እኩል እንካፈል" አለ። 24,000ውን ለሁለት ስንከፍል ለእያንዳንዳቸው 12,000 ይደርሳል። እሱ 4,000 ይተርፈዋል። እሷ ግን ገና ወሩ ሳያልቅ 2,000 ይጎድላታል። ይህን ሳያወሩ ቢጋቡ ኖሮ እሷ በየወሩ ከሥራ ባልደረቦቿ እየተበደረች፣ እሱ "እኩል ነው የምንከፍለው፣ ምን ጎደላት?" እያለ ይኖሩ ነበር። የሚደበቅ ብድር ብዙ ጊዜ የሚወለደው እንደዚህ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም።

እንደ ገቢያቸው ቢከፍሉ፣ እሱ ስድሳ እጅ እሷ አርባ እጅ፣ እሱ 1,600 እሷ 400 ይቀራቸዋል። ማንም አይጎድልበትም፣ ግን አንድ ቀን ልጅ ቢያማቸው ያልቃል። ስለዚህ ቤቱን ተዉት። ራቅ ያለ ሰፈር 10,000 ብር የሚከራይ ፈለጉ። ወጪው 20,000 ሆነ፣ እሱ 12,000 እሷ 8,000። አሁን እሱ 4,000፣ እሷ 2,000 ይተርፋቸዋል። ሠርጉንም እቁቡ እስኪያልቅ ሰባት ወር ገፉት። እናቷ ተቆጡ። ምክንያቱን ግን ለእናትየው አልነገሩም፣ ያንን የሁለታቸው ጉዳይ አድርገው ያዙት፣ እኔም ወድጄላቸዋለሁ።

ሕጉም አንድ ነገር ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው ነው፣ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። በዚህ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበራችሁ ንብረት የግላችሁ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ከተጋባችሁ በኋላ የሚገባው ደሞዝ ግን በማንም ስም ባለ ሒሳብ ቢቀመጥ የጋራ ነው፣ አንዱ ከጠየቀም ሌላው ስለ ገቢው ማሳወቅ አለበት። አንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። ቁጥሩ አርጅቷል፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

አጀማመሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ጠያቂ ሆናችሁ አትጀምሩ። "ዕዳ አለብህ?" ሲባል ሰው መርማሪ ፊት የቀረበ ይመስለዋል። የራሳችሁን አስቀድሙ። "እኔ ለእናቴ በወር 2,000 እሰጣለሁ፣ ስንጋባም መቀጠል እፈልጋለሁ፣ አንተ ጋስ እንዴት ነው?" ስትሉ እሱም ይናገራል። በአንድ ቀን አትጨርሱት። አንድ ቀን ቤተሰብ፣ ሌላ ቀን ዕዳና ዋስትና፣ ከዚያ ወረቀት ይዛችሁ ድምሩ። "አታምኚኝም እንዴ?" ብሎ የሚቆጣ ቢያጋጥም ወዲያው አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ሐፍረት ነው፣ ከሳምንት በኋላ በሌላ በኩል ሞክሩ። የእናንተን ሁሉ ሰምቶ፣ ኤቲኤም ካርዳችሁንና የሚስጥር ቁጥሩን ጠይቆ፣ የራሱን የማይናገር ሰው ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ቁሙ።

ይህን ሁሉ የምላችሁ ጻድቅ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ባንክ እየሠራሁ፣ የሰው ዕዳ ሳጣራ እየዋልኩ፣ ከባለቤቴ የደበቅኩት እቁብ ነበረኝ። እናቴ "ሴት ልጅ የጓዳ ብር ታስቀምጥ" ብላ ነው ያሳደገችን፣ ክፉ ምክር አልነበረም፣ በእሷ ዘመን ሌላ መውጫ አልነበራትም። አንድ ክረምት ቤታችን ማፍሰስ ጀመረ። ባለቤቴ ለቆርቆሮ ከጓደኛው ሊበደር ሲሯሯጥ እኔ እቁብ ደርሶኝ ብሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን አውጥቼ ሰጠሁትና "ወንድሜ ነው ያበደረን" አልኩት።

ባለቤቴ ምስጋና የሚያውቅ ሰው ነው። እሁድ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ገዝቶ ወንድሜ ቤት ሄደ። ወንድሜ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፣ ግን ውስኪውን ተቀብሎ "ምን ችግር አለው፣ ዘመድ ለመቼ ነው" ብሎ ሸኘው። እኔ እውነቱን የተናገርኩት ከወር በኋላ ነው፣ ባለቤቴ "የወንድምሽን ብር መመለስ እንጀምር" ሲል።

መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ለሁለት ቀን አኮረፈ። ሲታረቀኝ ዕዳውን የያዘበትን ደብተር አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ ከእሱም ዘንድ እኔ የማላውቃቸው ሁለት ስሞች ነበሩ። ወንድሜ ግን ዛሬም ቤታችን ሲመጣ "ያበደርኳችሁን መቼ ነው የምትመልሱት?" ይለናል።