ካር ሲቱ በቀበቶ ታስሮም ለምን ይወዛወዛል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ወንድሜ፣ ባለቤቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። እህቴ ከአሜሪካ የጨቅላ ካር ሲት ከነ ቤዙ ላከችልን። መኪናዬ የ2003 ቪትዝ ነች፣ ኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርኩት ግን ቀበቶውን የፈለገውን ያህል ብስበው ተመልሶ ይላላል፣ ቤዙም ይወዛወዛል። ቀበቶው ተበላሽቶ ነው? ደሞ እናቴ ልጁ ፊቱን ወደ እኛ ቢያዞር ይሻላል እያለች ነው፣ ምን ትላለህ?»

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ወንድሜ፣ በሰላም ትገላገል። ቀበቶህ አልተበላሸም። ብዙ መኪና ላይ ያለው ቀበቶ ሚቆልፈው መኪናው በድንገት ሲቆም ወይ ቀበቶው በኃይል ሲሳብ ብቻ ነው፣ በቀስታ ከሳብከው እንደፈለገ ይለቃል። ለትልቅ ሰው ምቹ ነው፣ ካር ሲት ግን ሁሌ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጡ መኪኖች ቀበቶ ካር ሲት ይዞ እንዲቆልፍ ተደርጎ ነው ሚሠራው፣ የካር ሲቱ ማኑዋልም ይሄን ታሳቢ አርጎ ነው የተጻፈው። ያንተ መኪና ደሞ ለሌላ ገበያ የተሠራች ናት።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እይ። አንደኛ፣ የኋላው ወንበር መቀመጫና መደገፊያ ሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ጣትህን ከተህ ዳብስ፣ ወፈር ያለ የብረት ዘንግ ግራና ቀኝ ካገኘህ ቤዙ ላይ ያሉት መንጠቆዎች እዛ ነው ሚያዙት፣ ቀበቶውን ትተኸዋለህ (ማኑዋሉ ካልፈቀደ ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቀም)። ሁለተኛ፣ የትከሻውን ቀበቶ ቀስ እያልክ እስከ መጨረሻው ጎትተህ አውጣውና መልሰህ ልቀቀው። ሲመለስ ጠቅ ጠቅ እያለ ከገባና መልሰህ ስትስበው አልወጣም ካለ ያንተም ይቆልፋል ማለት ነው፣ ቤዙን ካሰርክ በኋላ እንደዚሁ እስከ መጨረሻው አውጥተህ መልሰህ እያስገባህ ታጠብቀዋለህ፣ አለቀ።

ካልቆለፈ ቤዙን አገላብጠህ እይ። አንዳንዱ ቤዝ ላይ ራሱ ቀበቶውን ነክሶ ሚይዝ መቆለፊያ አለ፣ ያ ካለ እሱን ዝጋ በቃ። ከሌለ ደሞ ከቤዙ ሥር ወይ ጎኑ ላይ ትንሽ የኤች ቅርጽ ያላት ብረት ተሰክታ ታገኝ ይሆናል፣ ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይጥላታል። ቀበቶ መያዣ ክሊፕ ናት፣ አሠራሯ እንዲህ ነው፦ ቀበቶውን በቤዙ መስመር አሳልፈህ ትቆልፋለህ፣ ከዛ አንድ እጅህን ቤዙ ላይ ተደግፈህ በሰውነትህ ክብደት እየተጫንክ የትከሻውን ቀበቶ ወደ ላይ ትስባለህ። ሲጠብቅ የጭኑንና የትከሻውን ቀበቶ መቆለፊያው ውስጥ ከሚገባው የብረት ምላስ አጠገብ አንድ ላይ በጣትህ ቆንጥጠህ ያዝ፣ ሳትለቅ ፍታው፣ ክሊፗን ከምላሱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ሁለቱንም ቀበቶ እንድትይዝ አርገህ ሰካት፣ ከዛ መልሰህ ቆልፍ። መልሰህ ስትቆልፈው ትንሽ ካላስቸገረህ አልጠበቀም፣ እንደገና ጀምር። ክሊፗ ከምላሱ ከራቀች ግን ግጭት ላይ ልትታጠፍና ልትለቅ ትችላለች፣ ስለዚህ ርቀቷን ቀልድ አታርጋት። ያ ቀበቶ ላይ ትልቅ ሰው ሚቀመጥ ከሆነም ክሊፗን አውልቅ፣ ቀበቶው ሰውዬውን በሥርዓቱ ሊይዘው አይችልም።

አሁን ፈትነው። ሰዎች ሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ የካር ሲቱን አናት ይዘው ይነቀንቁና ተንቀሳቀሰ ብለው ይጨነቃሉ። ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት በጭንቅላቱ በኩል ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ጥፋት አይደለም። ፈተናው ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ በአንድ እጅ ይዘህ ግራ ቀኝና ወደ ፊት ስትገፋው ነው፣ እዛ ጋ ከ2.5 ሴንቲ በላይ ከሄደ ላልቷል።

ለእናትህ ደሞ በፍቅር አስረዳልኝ። ጨቅላ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ የአንገቱ አጥንት ደሞ ገና አልጠነከረም። ፊቱ ወደ ሹፌሩ ከሆነና መኪናው ከተጋጨ አካሉን ቀበቶ ይይዘዋል፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ፊት ይወረወራል፣ አንገቱ ነው ያን ሁሉ ሚሸከመው። ፊቱ ወደ ኋላ ከዞረ ግን የካር ሲቱ ጀርባ ጭንቅላቱንም አንገቱንም ጀርባውንም አንድ ላይ ተቀብሎ ኃይሉን ያከፋፍለዋል። እህትህ የላከችው አይነት ደሞ ጭራሽ ወደ ፊት አይዞርም፣ አልተሠራም ለዛ። እግሩ ወንበሩን ስለነካ ብለህም አታዙረው፣ ልጆች እግራቸውን አጥፈው ተመችቷቸው ይሄዳሉ። ጋቢና ላይም በፍጹም፣ ፊት ለፊቱ ኤርባግ ካለ ሲፈነዳ የካር ሲቱን ጀርባ ነው ሚመታው፣ ያ ደሞ የልጁ ጭንቅላት ያለበት ቦታ ነው።

ቤዙ ከጠበቀ በኋላ ማዘንበሉን እይ። ጎኑ ላይ መስመር ወይ ኳስ ያለበት ምልክት አለ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁመህ ነው ምታየው፣ ዳገት ላይ ካየኸው ውሸት ነው ሚነግርህ፣ አዲስ አበባ ደሞ ሜዳ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። በጣም ቀጥ ካለ የጨቅላው አገጭ ደረቱ ላይ ይወድቅና አየር ያጥረዋል፣ ድምፅ ስለማያሰማ ሹፌሩ አይሰማውም። ለጨቅላ ወደ 45 ዲግሪ ገደማ ነው። ቤዙ ማስተካከያ ካለው በሱ፣ አልበቃ ካለ ማኑዋሉ ከፈቀደ ፎጣ ጠቅልለህ መቀመጫውና መደገፊያው ሚገናኙበት ጋ ከቤዙ ሥር አስገባ። ፎጣ ካስገባህ ማሰሩን እንደገና ከዜሮ ጀምር፣ ላልቷልና።

ልጁን ስታስሩት ሌላው ጥፋት ጋቢ እና ወፍራም ልብስ ነው። እናቶቻችን ሕፃን ሳይጠቀለል ከቤት አይወጣም ይላሉ፣ እውነት ነው ብርዱ ያስፈራል፣ ግን በጋቢ ተጠቅልሎ ከታሰረ ግጭት ላይ ጋቢው ይጨፈለቅና ማሰሪያው ላልቶ ይቀራል። በስስ ልብስ እሰሩት፣ ከዛ ጋቢውን ከላይ አልብሱት። የትከሻ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይ ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይውጣ፣ ደረት ላይ ያለው ክሊፕ ብብቱ እኩል ይሁን፣ ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክር፣ እጥፋት ከያዝክ አጥብቀው። ለየብቻ ገዝታችሁ ትራስ ምናምን አትጨምሩበት፣ አብሮት ከመጣው ውጪ።

በራይድ ስትሄዱ ቤዙን ተሸክሞ መዞር አይቻልም፣ ካር ሲቱ ቤዝ ሳይኖረው እንዴት እንደሚታሰር ማኑዋሉ ላይ እይ። ጭኑ ቀበቶ በካር ሲቱ ጎን ባሉት መተላለፊያዎች ሲያልፍ የትከሻው ቀበቶ በጀርባው ዞሮ ሚያቅፍበት ሥዕል ካለ እሱን ተጠቀም፣ ቀበቶው ሁሌ ባይቆልፍም ከሌላው ይሻላል። ሥዕሉ ከሌለ ግን በራስህ ፈጥረህ አታዙረው።

እህትህን አንድ ነገር ጠይቃት፣ አዲስ ነው ወይስ የተጠቀሙበት? ተጋጭቶ የነበረ መኪና ውስጥ ከነበረ ይቅርባችሁ። ከሥሩ ያለው ስቲከር ላይ የተመረተበት ቀን አለ፣ የማብቂያ ጊዜውም ከሱ ነው ሚቆጠረው። የልጁ አናት ከካር ሲቱ ጫፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ወይ ስቲከሩ ላይ ያለው ክብደት ሲሞላ ቀጣዩን ትገዛላችሁ፣ ያኔም ወደ ፊት አዙሩት ማለት አይደለም። ወደ ኋላ ዞሮ እስከ 18 ኪሎ ሚይዝ አለ፣ ቪትዝ ኋላ ወንበር ላይ ላይገባ ስለሚችል እንዳይባክን ከመግዛታችሁ በፊት ጋቢናው ወንበር ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚሄድ ለካና ላክላት።