ዓይኔ ጠዋት ተጣብቆ ይነሳል፤ ኢንፌክሽን ነው አለርጂ?

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ግራ ዓይኔ ቀልቷል። ጠዋት በአይናር ተጣብቆ ነው የምነሳው፤ ትንሽም ያሳክከኛል። ኢንፌክሽን ነው ወይስ አለርጂ?»

መልስ፦ በአንድ ዓይን ብቻ መጀመሩ ወደ ኢንፌክሽን ያደላል። አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን አንድ ላይ ይይዛል። የአለርጂ ማሳከክም «ትንሽ» የሚባል አይደለም፤ እሹኝ እሹኝ ያሰኛል። የሚወጣውም ውሃ ወይም ነጭ ክር መሳይ ነገር ነው።

ጠዋት መጣበቁ ብቻውን ግን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም፤ ቫይረስም ያጣብቃል። ስለዚህ ዓይንህን ካጸዳህ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተከታተለው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ቶሎ ቶሎ ከተመለሰ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም። እንባ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ጉንፋን ከነበረብህ፣ ቫይረስን ጠርጥር። ለቫይረስ የአንቲባዮቲክ ጠብታ አይሠራም።

አይናሩን በግድ አትላጠው። ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ ንጹህ ጥጥ ንከርና እስኪለሰልስ ያዝበት። ከዚያ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ አንዴ ጥረግና ጥጡን ጣለው። ለሌላው ዓይን ሌላ ጥጥ። ፎጣህንና ትራስህን ለይ፤ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ኮንታክት ሌንስ ካለህ አውልቅ።

አደራ፣ ቤት የተረፈ ጠብታ እንዳትጨምር። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ አንዳንድ ኢንፌክሽኖችን ያባብሳል።

ቀለል ያለው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለቃል። ሕመም ካለው፣ ብርሃን ካስጨነቀህ፣ እይታህ ከደበዘዘ ወይም ሌንስ ተጠቃሚ ከሆንክ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው።