ባል ሲያንኮራፋ አልጋ መለየት

«ባሌ ያንኮራፋል፣ ሌሊቱን ሙሉም ይገላበጣል። አልጋ ብንለይ ይሻላል?»

መገላበጡ ብቻ ቢሆን ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን አድርጋችሁ የየራሳችሁን ብርድ ልብስ ብትለብሱ ይበቃል። ድምፁ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ የትም ብትተኚ ይከተልሻል፤ ለእሱ የሚረዳው ሌላ ክፍል ነው። ከመለየታችሁ በፊት ግን ሁለት ሦስት ሌሊት አድምጪው። የእኔው ሰውዬ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይል ነበር፣ እኔ ተመስገን ስል ለካ ትንፋሹ ቆሞ ነው! ከ10 ሰከንድ በላይ ይቆይና እንደታነቀ ሰው ብንን ይላል። ቀን ደግሞ ሥራ ላይ ያንቀላፋል። እንዲህ ካየሽ በስልክሽ ቅረጪውና ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ለብቻው ከተኛ ይህን የሚሰማለት የለም። የሚያንኮራፋው በጀርባው ሲተኛ ወይም ጠጥቶ ሲገባ ብቻ ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ በጎኑ አስተኚውና እዪው።