የብር ማንኪያው ስለ መርዙ አይነግርዎትም

«የምኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ግቢያችን ካለው የኦክ ዛፍ ሥር እንጉዳይ በቅሏል። ከብር ማንኪያ ጋር ተቀቅሎ ማንኪያው ካልጠቆረ ይበላል የሚባለው እውነት ነው?»

እውነት አይደለም፤ እባክዎ አይብሉት። ብር የሚጠቁረው ድኝ ካለባቸው አንዳንድ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ነው፤ እንቁላል የተበላበት የብር ማንኪያ የሚጠቁረውም ለዚሁ ነው። በእርስዎ አካባቢ ከኦክ ሥር የሚበቅለው «የሞት ቆብ» የተባለው እንጉዳይ የያዘው አማቶክሲን የተባለ መርዝ ግን ብርን አያጠቁርም፤ ቢቀቅሉትም ቢያደርቁትም አይጠፋም።

ጥቂት ቀምሶ መጠበቅም አያዋጣም። የተመረዙ ሰዎች ጣዕሙ ጥሩ እንደነበር የተናገሩ ሲሆን፣ ትውከቱና ተቅማጡ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ማለትም ቤተሰቡ ሁሉ በልቶ ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያም ሕመምተኛው ለአንድ ቀን ያህል የተሻለው ይመስላል፤ ጉበቱ ግን በዚያው ጊዜ እየተጎዳ ነው። ቀንድ አውጣ በልቶት አለመሞቱም ማስረጃ አይሆንም፤ የእርሱ አካል የሚችለውን የእኛ ጉበት አይችለውምና።

የበላ ሰው ካለ፣ ምልክት ሳትጠብቁ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ።