ዓላማችሁን በዓይን በሚታይ ነገር ጻፉት

ጥያቄ፦ «የማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ አሳይመንት ላይ ነን። ስለ እጅ መታጠብና ስለ ንጹህ የመጠጥ ውሃ የቤት ለቤት ትምህርት ዘመቻ አቅዱ ተብለናል፤ 40 ቤት ተመድቦልናል። ፖስተርና ንግግር አዘጋጅተን ብናስገባ መምህራችን ‹ይሄ ዕቅድ አይደለም› ብለው መለሱት። ምን ጎደለን? ከየት እንጀምር?»

መምህራችሁ ወረቀቱን የመለሱት ፖስተሩ ስላላማረ አይመስለኝም። በማኅበረሰብ ጤና ነርስነት ስሠራ ብዙ የተማሪ ዕቅድ አይቻለሁ። አብዛኛው የሚሰናከለው ዓላማው ላይ ነው። «በዘመቻው መጨረሻ 80 በመቶ የሚሆኑት ቤተሰቦች የእጅ መታጠብን ጥቅም ያውቃሉ» ተብሎ ይጻፋል። ሰዎቹ ግን ይህንን ቀድሞውኑ ያውቃሉ። የትኛዋንም እናት እጅ መቼ መታጠብ እንዳለበት ጠይቁ፤ «ከምግብ በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ» ብላ ሳታመነታ ትነግራችኋለች። ቀጥላችሁ ሳሙናው የት እንዳለ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ወይም ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነው። እውቀቱ አለ፤ ሳሙናው ግን በሚያስፈልግበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ዓላማችሁን ቤት ገብታችሁ በዓይናችሁ በምታዩት ነገር ላይ አድርጉት። እኔ ብሆን ሁለት ብቻ እመርጣለሁ። አንደኛው፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውሃና ሳሙና አብረው መኖራቸው ነው። ሁለተኛው፣ የሚጠጣው ውሃ እጅ ሳይነካው መቀዳቱ ነው። ሌላው ሁሉ በእነዚህ ዙሪያ ይመጣል። አሥር መልእክት ይዞ የሚሄድ ተማሪ ከቤቱ ሲወጣ አንዱም ተይዞ አይቀርለትም።

አሁን ወደ አሰሳው። መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ከዚያ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መረጃችሁ ይበላሻል። «እጃችሁን በሳሙና ትታጠባላችሁ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የምታዩትም ለእናንተ ሲባል የተስተካከለ ነገር ይሆናል። ማንነታችሁን ተናገሩ፣ ስለ ቤቱ ውሃና ንጽህና ለማየት እንደመጣችሁ ገልጻችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ «እጅ የምትታጠቡበትን ቦታ ታሳዩናላችሁ?» በሉ። ውሃ አለ? ሳሙና አለ? ሁለቱም አሁን፣ እዚያው ቦታ ላይ አሉ? «ሳሙና አለን፣ ላምጣው» ከተባላችሁ ቼክሊስታችሁ ላይ «ቦታው ላይ የለም» ብላችሁ መዝግቡ። ለመጠጥ ውሃውም እንደዚሁ ነው። «የምትጠጡትን ውሃ እንዴት እንደምትቀዱ ታሳዩናላችሁ?» በሉና ዝም ብላችሁ እዩ። ዕቃው ክዳን አለው? አፉ እጅ ያስገባል? የተነከረው ኩባያ የሚጠጣበት ራሱ ነው ወይስ እጀታው ረጅም የሆነ መቅጃ? ጣት ውሃውን ነካው? ይህን በጥያቄ ብቻ አታገኙትም።

በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቁጥሮቹን የፈጠርኳቸው ለማሳያ ነው። ከ40 ቤት 34ቱ ሳሙና አላቸው እንበል። መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሳሙናና ውሃ አብረው የተገኙት ግን በ9 ቤት ብቻ ነው። በ28 ቤት ውሃው የሚቀዳው ኩባያ ተነክሮ፣ ጣት ውሃውን እየነካ ነው። የማኅበረሰብ ዲያግኖሲሳችሁ ከዚህ ይወጣል፦ «በ40ዎቹ ቤቶች በሚኖሩ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የተቅማጥ በሽታ ስጋት፤ ምክንያቱ የእጅ መታጠቢያ ቦታ ሳሙናና ውሃ አብረው አለመኖራቸውና የመጠጥ ውሃ በእጅ ንክኪ መቀዳቱ፤ ማስረጃው በ31 ቤት ሁለቱ አብረው አለመታየታቸውና በ28 ቤት ጣት ውሃ ሲነካ መታየቱ።» ዓላማውም ያው ቁጥር ነው፦ «በስድስት ሳምንት ውስጥ ሳሙናና ውሃ አብረው የሚገኙባቸው ቤቶች ከ9 ወደ 24፣ ያለ እጅ ንክኪ የሚቀዱት ከ12 ወደ 28 ከፍ ይላሉ።» ይህን ያነበበ መምህር ከስድስት ሳምንት በኋላ ምን እንደምትቆጥሩ ገና ከአሁኑ ያውቃል።

ትምህርቱን ሳሎን ቁጭ ብላችሁ አትስጡ። ነገሩ የሚደረግበት ቦታ ሄዳችሁ አብራችሁ አድርጉት። በመጀመሪያው ጉብኝት እጅ መታጠብ ብቻ፣ ከሳምንት በኋላ በሁለተኛው ውሃ ብቻ ይሁን።

በእጅ መታጠብ ላይ ትልቁ እንቅፋት ሳሙናው ቦታው ላይ አለመቆየቱ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ውጭ ከተተወ ይጠፋል፣ ባለቤቷም ለልብስ ትፈልገዋለች። እዚህ ላይ «ሳሙና አስቀምጡ» ብሎ መምከር ብዙም አይጠቅምም፤ መላ ማምጣት ይሻላል። 30 ግራም ገደማ የዱቄት ሳሙና በአንድ ሊትር ተኩል ውሃ በጥብጡና በላስቲክ ጠርሙስ አድርጉት። ክዳኑን በሚስማር ቀዳዳ ብሱት። ጠርሙሱን መታጠቢያው ቦታ ላይ እሰሩት። ሲጨመቅ ጥቂት ብቻ ስለሚወጣ በቶሎ አያልቅም፤ ለሌላ ሥራ ስለማይመችም ማንም አያነሳውም። የቧንቧ ውሃ ከሌለ አነስ ያለ ጀሪካን ከላይ ቀዳዳ አውጥታችሁ በእንጨት ላይ አንጠልጥሉት፤ አፉ በገመድ እግር ከሚረግጠው እንጨት ጋር ይያያዝና ሲረገጥ ዘንበል ብሎ ያፈሳል። የቆሸሸው እጅ ዕቃውን መንካት አያስፈልገውም ማለት ነው። አብራችሁ ስሩት፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ይሰሩት ዘንድ እናንተ አቀብሉ።

ስለ ጊዜዎቹ ስታስተምሩ ብዙ ሰው የሚዘላት አንዷ ላይ ቆዩ፤ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ ያለችው። «የሕፃን ሰገራ ምን አለው» የሚል ሐሳብ በየቤቱ ታገኛላችሁ። የሕፃን ሰገራም ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያንን ይይዛል። ያንኑ ሕፃን አጽድታ ወዲያው የምታበላውም ብዙ ጊዜ ያችው እናት ናት። ስለዚህ መታጠቢያው ለመጸዳጃ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሕፃኑ ለሚጸዳዳበት ቦታም ቅርብ መሆኑን ተመልከቱ። አስተጣጠቡን በተግባር አሳዩ፤ በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ ማሸት፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር፣ ከዚያ በሚፈስ ውሃ ማለቅለቅ። በአንድ ሳህን ውሃ ሁሉም ተራ በተራ የሚነክርበት አስተጣጠብ የአንዱን ቆሻሻ ለሌላው ያደርሳል።

ውሃው ላይ መጀመሪያ ማስረዳት ያለባችሁ አንድ ነገር አለ፤ ከምንጩ ንጹህ ሆኖ የወጣ ውሃ ቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል። ሰዎች «ውሃችን ከቧንቧ ነው» ሲሉ ልክ ናቸው፤ ግን ጀሪካኑ ታጥቧል ወይ? የተነከረው ኩባያስ? አፈ ጠባብ ዕቃ ወይም ከሥሩ ቧንቧ ያለው ባልዲ ይህን ችግር በአመዛኙ ይፈታል። መግዛት ለማይችል ቤት ደግሞ ክዳን፣ ለመቅጃ ብቻ የተለየ እጀታ ያለው ዕቃና እሱ የሚሰቀልበት ሚስማር ይበቃሉ። መቅጃው መሬት ላይ ከተቀመጠ ግን ለውጥ የለውም።

ማከም ከተፈለገ ማፍላት ወይም ክሎሪን። ለማፍላት ውሃው ተንተክትኮ መፍላት አለበት፤ ከዚያ ተከድኖ በዚያው ዕቃ ይቀዝቅዝ። የፈላ ውሃ ራሱን የሚጠብቅበት ነገር የለውም፤ በማግስቱ በቆሸሸ እጅ ቢነካ እንደገና ይበከላል። ክሎሪን ግን ውሃው ውስጥ ስለሚቆይ በኋላ የሚገባውን ብክለት በመጠኑ ይቋቋማል።

ክሎሪን ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት «አንድ ክዳን ጨምሩ» ብለው ሲጽፉ ነው። የየትኛው ክዳን? የስንት በመቶ? ስሌቱን ዕቅዳችሁ ውስጥ አሳዩ። ለጠራ ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ገደማ ይበቃል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ሚሊግራም ማለት ነው። 1.25 በመቶ የሆነ የውሃ ማከሚያ በአንድ ሚሊሊትር 12.5 ሚሊግራም ክሎሪን ይይዛል። 40 ለ12.5 ሲካፈል 3.2 ሚሊሊትር። 5 በመቶ የሆነውን ብትጠቀሙ ግን 0.8 ሚሊሊትር ብቻ ነው። በ1.25ቱ ልክ የተጻፈ ካርድ ይዞ 5 በመቶውን የሚጨምር ቤት አራት እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀውን ምርት ምረጡ፤ መጠኑንም ከመለያው ላይ ቅዱ። ሽታ የተጨመረበት የልብስ ማንጫ ለዚህ አይሆንም።

ውሃው የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ አስረግታችሁ በንጹህ ጨርቅ አጥሩት፤ ከዚያ መጠኑን እጥፍ አድርጉ። በሁለቱም መንገድ ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ ይጠበቅ። «ይሸታል» የሚል ቅሬታ በእርግጠኝነት ይመጣባችኋል፤ ብዙ ቤትም የሚያቆመው በዚህ ነው። ለስለስ ያለ ሽታ ክሎሪኑ አሁንም እንዳለ ያሳያል። አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ልኬታቸውን ሄዳችሁ እዩ። የቀሪ ክሎሪን መለኪያ ካገኛችሁ ከ24 ሰዓት በኋላ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም መገኘት አለበት። ከዚያ ካነሰ ወይ መጠኑ ትንሽ ነበር፣ ወይ ዕቃው ቆሻሻ ነው፣ ወይ ምርቱ ፀሐይ ላይ ከርሞ ደክሟል። ወሰኑንም ጻፉ፦ ክሎሪን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ተሕዋስ በዚህ መጠን አይገድለውም፣ ፍሎራይድና አርሴኒክንም አያስወግድም። በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ማፍላቱን አስቀድሙ።

ግምገማው ላይ «ተቅማጥ በግማሽ ይቀንሳል» ብላችሁ ቃል አትግቡ። 40 ቤት ትንሽ ነው፤ ስድስት ሳምንትም አጭር ነው። በዚያ ላይ ተቅማጥ ከወቅት ጋር ይወጣል ይወርዳል። በመጀመሪያው ቼክሊስት ያያችሁትን ያንኑ ነገር፣ በዚያው አጠያየቅ ድጋሚ እዩ። ቀኑን ቀድማችሁ ካሳወቃችሁ ሳሙናው ለእናንተ ይወጣል። ስለዚህ ፈቃዱን በመጀመሪያው ጉብኝት «በሚቀጥሉት ሳምንታት በአንዱ ቀን እንመለሳለን» ብላችሁ ያዙና ቀኑን አትንገሩ። ከተቻለ ያስተማረው ተማሪና የሚገመግመው ተማሪ አንድ ሰው አይሁኑ። ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ የተገኘበትን ቤት ከሌለበት ቤት ለይታችሁ መዝግቡ። ባዶው ጠርሙስ ተጠቅመውበት እንዳለቀ ሊነግራችሁ ይችላልና «ማን ነው የሚሞላው?» ብላችሁ እዚያው ጠይቁ፤ መልሱን ለቀጣዩ ጉብኝት ያዙት።